ማንም የሚዘጋው፣ አንድ ሰው ብቻ የሚከፍተው ጓጉንቸር

(ለሕዝብ ክፍት ከሆኑት የፋኩልቲው ንግግሮች አንዱ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



በእጄ የያዝሁት ተራ ጓጉንቸር ነው። ሲከፈት መክፈቻ ይፈልጋል፤ ሲዘጋ ግን የሚፈልገው የአውራ ጣት ግፊት ብቻ ነው። ከመካከላችሁ ማንም ተነሥቶ ሊዘጋው ይችላል። ከተዘጋ በኋላ ግን የሚከፍተው በኪሴ ያለው መክፈቻ ብቻ ነው፤ የዘጋው ሰው ራሱ ሐሳቡን ቢለውጥ እንኳ መልሶ ሊከፍተው አይችልም። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ በዚህ በመዝጋትና በመክፈት መካከል ባለው ልዩነት ላይ የቆመ ነው።

አስቀድሜ አንድ የቃል ጉዳይ ላጥራ። በቋንቋችን «ቁልፍ» የሚለው ቃል በሩ ላይ ላለውም፣ በኪስ ለሚያዘውም ያገለግላል። «በሩን ቁልፍ አበጅለት» ስንል አንዱን፣ «ቁልፉን ረሳሁት» ስንል ሌላውን ማለታችን ነው። በዕለት ኑሯችን ይህ ችግር አይፈጥርብንም፤ ለዛሬው ጉዳይ ግን ሁለቱን መለየት ግድ ይላል። ስለዚህ የሚዘጋውን «ጓጉንቸር»፣ የሚከፍተውን «መክፈቻ» እላቸዋለሁ። በመጻሕፍቱ ውስጥ ይፋዊ ቁልፍ የሚባለው ጓጉንቸሩ ነው፤ የግል ቁልፍ የሚባለው መክፈቻው ነው።

የሳጥኑ ነገር

በ1980ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ ተማሪ ሳለሁ እናቴ ከደብረ ማርቆስ በአውቶቡስ ሳጥን ትልክልኝ ነበር። በሳጥኑ ውስጥ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በጣሳ የታሸገ ቅቤ፣ ከሥሩ ደግሞ በጨርቅ የተቋጠረ ጥቂት ብርና ደብዳቤ ይኖራል። ሳጥኑን በጓጉንቸር ትዘጋና ለሾፌሩ ረዳት ትሰጠዋለች። መክፈቻውን ግን ለሌላ መንገደኛ በፖስታ አሽጋ ትሰጣለች፤ ሳጥኑና መክፈቻው በአንድ እጅ እንዳይገቡ ነው። አንድ ጊዜ ሳጥኑ ደርሶ መክፈቻው ዐሥር ቀን ዘገየና ሳጥኑን እያየሁት ሰነበትሁ። ሌላ ጊዜ ደግሞ መንገደኛ ታጣና ሳጥኑም መክፈቻውም በአንዱ ረዳት እጅ መጡ። ያን ጊዜ ጓጉንቸሩ ጌጥ ሆነ ማለት ነው። ከጨርቁ ውስጥ ብር ጎድሎ ከሆነ እኔም እናቴም የምናውቅበት መንገድ አልነበረንም።

ከጥንት ጀምሮ የነበረው የምስጢር ጽሑፍ ሁሉ ያለበት ችግር ይኸው ነው። ላኪና ተቀባይ አንድ ዓይነት መክፈቻ ሊኖራቸው ይገባል፤ መክፈቻው ደግሞ ከመልእክቱ በፊት በሌላ አስተማማኝ መንገድ መሄድ አለበት። አስተማማኝ መንገድ ካለ መልእክቱን ራሱን በዚያው መላክ ይቻል ነበር። በዚያ ላይ ቁጥሩ ይበዛል፦ ዐሥር ሰዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ በምስጢር ይጻጻፉ ቢባል 45 የተለያዩ መክፈቻዎች ያስፈልጋሉ፤ ሺህ ሰዎች ከሆኑ 499,500።

አሁን ነገሩን እንገልብጠው። መክፈቻውን እናቴ መላኳ ቀርቶ፣ እኔ ክፍት ጓጉንቸር ወደ ደብረ ማርቆስ ብልክስ? መክፈቻው ከኪሴ አይወጣም። መንገድ ላይ ጓጉንቸሩን ማንም ቢያየው፣ ቢነካው፣ ቢመረምረው አልጎዳም፤ የሚችለው ነገር ቢኖር መዝጋት ብቻ ነውና። እናቴ ሳጥኑን ሞልታ በእኔው ጓጉንቸር ትዘጋዋለች፤ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ እርሷም ልትከፍተው አትችልም። ሳጥኑ በረዳቱ እጅ ይመጣል፤ እኔ እከፍተዋለሁ። መክፈቻ መንገድ አልሄደም። ሺህ ሰዎች ቢሆኑም የሚያስፈልጉት ሺህ ጓጉንቸሮች ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ።

ይህን ሐሳብ ለዓለም በይፋ ያቀረቡት አሜሪካውያኑ ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን ናቸው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1976 ነው። እንዲህ ያለ ጓጉንቸር ምን ምን ጠባይ ሊኖረው እንደሚገባ በጽሑፋቸው ገለጹ፤ ጓጉንቸሩን ራሱን ግን ገና አላገኙትም ነበር። በተከታዩ ዓመት ሮናልድ ሪቨስት፣ አዲ ሻሚርና ሌናርድ አድልማን በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሠርተው አሳዩ፤ በስማቸው የመጀመሪያ ፊደላት አር.ኤስ.ኤ. ተባለ። ኋላ እንደታወቀው ደግሞ በእንግሊዝ መንግሥት የምስጢር መሥሪያ ቤት ጄምስ ኤሊስ ሐሳቡን በ1970፣ ክሊፎርድ ኮክስ ስሌቱን በ1973 ደርሰውበት ነበር። ሥራቸው ግን ታሽጎ ቆይቶ በይፋ የተነገረው በታኅሣሥ 1997 እ.ኤ.አ. ነው። ኤሊስ ይህ ሊነገር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ዐርፎ ነበር።

ጓጉንቸሩን ከቁጥር መሥራት

ከብረት የተሠራውን ጓጉንቸር እናውቀዋለን፤ በስልክ መስመር የሚሄደው ጓጉንቸር ግን ቁጥር ነው። ቁጥር እንዴት ይዘጋል? አንድ ትንሽ ጓጉንቸር አብረን እንሥራ፤ ወረቀትና እርሳስ ያላችሁ ተከተሉኝ።

ሁለት ብቸኛ ቁጥሮች እመርጣለሁ፤ ማለትም ከአንድና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸው። 3 እና 11 ይሁኑ። ሁለቱን ሳባዛቸው 33 ይሆናል። 33ን በሰሌዳው ላይ እጽፈዋለሁ፤ ሁላችሁም እወቁት። 3 እና 11ን ግን በልቤ እይዛለሁ። ለጊዜው 33 ከምን እንደተባዛ የማታውቁ መሆናችሁን እንስማማ።

33ን የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የፊደል ገበታችን ከሀ እስከ ፐ ሠላሳ ሦስት ረድፍ አለው። ስለዚህ እያንዳንዱን የግእዝ ፊደል፣ ማለትም የመጀመሪያውን ዓምድ፣ በተራ ቁጥሩ ልንጠራው እንችላለን፦ ሀ 1፣ ለ 2፣ ሐ 3 እያለ እስከ ፐ፣ 33። እናቴ አንዲት ቃል ልትልክልኝ ትፈልጋለች እንበል፤ ቃሏም «ደረሰ» ናት። በገበታው ላይ ብትቆጥሩ ደ 24ኛ፣ ረ 6ኛ፣ ሰ 7ኛ ነው።

የመዝጊያው ደንብ ይህ ነው፦ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ በራሱ አባዛ፣ በ33 አካፍል፣ ቀሪውን ብቻ ጻፍ። በቀሪ መሥራት ለእኛ እንግዳ አይደለም። አሁን ዘጠኝ ሰዓት ቢሆን ከአምስት ሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ነው እንላለን እንጂ ዐሥራ አራት ሰዓት አንልም፤ ዐሥራ ሁለቱን ጥለን ቀሪውን ያዝን ማለት ነው። እዚህም በ12 ፈንታ 33 ያለበት ሰዓት አስቡ።

ከሰ እንጀምር፤ ቁጥሩ 7 ነው። 7 × 7 × 7 = 343። በ33 ስናካፍለው ዐሥር ጊዜ ይደርስና 13 ይተርፋል። 13ኛው ፊደል ኀ ነው። ረ 6 ነው፤ 6 × 6 × 6 = 216፣ ስድስት ጊዜ ደርሶ ቀሪው 18፣ እርሱም ኸ ነው። ደ 24 ነው፤ 24 × 24 × 24 = 13,824፣ ቀሪው 30፣ እርሱም ጸ ነው። እንግዲህ «ደረሰ» ተዘግታ «ጸኸኀ» ሆነች። ረዳቱ የሚያየው ጸኸኀን ነው።

ለመዝጋት የሚያስፈልጉት ሁለት ቁጥሮች ብቻ መሆናቸውን ልብ በሉ፦ 33 እና 3። ሁለቱም ሰሌዳው ላይ ናቸው። ክፍቱ ጓጉንቸር እነዚህ ናቸው።

አሁን ወደ መክፈቻው እንሂድ። 3 እና 11ን የማውቀው እኔ ከእያንዳንዳቸው አንድ እቀንሳለሁ፤ 2 እና 10 ይሆናሉ። ሳባዛቸው 20። ለምን? ማንኛውንም ቁጥር በዚህ የ33 ሰዓት ላይ በራሱ ደጋግመን ብናባዛው እየዞረ ይሄድና ሃያ እርምጃ በተጓዘ ጊዜ ወደ ተነሣበት ይመለሳል። አንዳንዱ ቁጥር ከዚያ ቀደም ብሎ ይመለሳል፤ በሃያኛው እርምጃ ግን ሁሉም መነሻው ላይ ይገኛል። በሌላ አነጋገር የቁጥሩ 21ኛ ርቢ ቁጥሩ ራሱ ነው። እናቴ ቁጥሩን ወደ 3ኛ ርቢ ወስዳዋለች። እኔ ያንን ወደ 7ኛ ርቢ ብወስደው በጠቅላላው 3 × 7 = 21 ይሆናል፤ ዙሩ ይሞላል፤ ቁጥሩ ወደ ቤቱ ይገባል። ስለዚህ መክፈቻዬ 7 ነው።

እንሞክረው። የተዘጋው ሰ 13 ነበር። 13 × 13 = 169፣ ቀሪው 4። ይህ 2ኛው ርቢ ነው። 4 × 4 = 16፤ ይህ 4ኛው ነው። 16 × 4 = 64፣ ቀሪው 31፤ ይህ 6ኛው ነው። 31 × 13 = 403፣ ቀሪው 7። ሰባተኛው ርቢ 7 ሆነ፤ ሰባተኛው ፊደልም ሰ ነው። 18ን እና 30ን እቤታችሁ ሞክሩ፤ 6 እና 24 ካልመጡ ስሕተቱ በማካፈል ላይ ነው።

መክፈቻ የሌለው ሰው ምን ያድርግ? 7ን ለማግኘት 20ን ማወቅ አለበት፤ 20ን ለማወቅ 33ን ወደ 3 እና 11 መመለስ ይኖርበታል። 33 ላይ ይህን የሚያደርገው የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ስለዚህ የሠራነው ጓጉንቸር የወረቀት ነው። ሁለቱ ብቸኛ ቁጥሮች እያንዳንዳቸው ከሦስት መቶ በላይ አሃዝ ያላቸው ሲሆኑ ግን ነገሩ ይለወጣል። ማባዛቱ ለኮምፒዩተር የዓይን ጥቅሻ ያህል ነው፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ከምን እንደተባዙ ማግኘቱ ግን እስከ ዛሬ ፈጣን መንገድ አልተገኘለትም። ጓጉንቸሩን ስንጫን የሚሰማው «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ማባዛት ነው፤ አልመለስ የሚለውም የብዜቱ ውጤት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ወደ ኋላ መመለስ አስቸጋሪ መሆኑን እናውቃለን እንጂ የማይቻል መሆኑን ያረጋገጠ ሰው የለም። የምናውቀው በሙከራ ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. የአር.ኤስ.ኤ. ባለቤቶች 129 አሃዝ ባለው ቁጥር አንድ ዐረፍተ ነገር ዘግተው በአንድ የሳይንስ መጽሔት ላይ አወጡ፤ ለከፈተው 100 ዶላር ሽልማት ተባለ። የዚያን ዘመን ግምት በቢሊዮን ከሚቆጠሩ ዓመታት በላይ ነበር። ሆኖም በ1994 በኢንተርኔት የተባበሩ ስድስት መቶ ያህል በጎ ፈቃደኞች ኮምፒዩተሮቻቸውን አስተባብረው ከፈቱት፤ አሥራ ሰባት ዓመት ብቻ ቆየ ማለት ነው። በ2020 ደግሞ 250 አሃዝ ያለው ቁጥር ተፈታ፤ ሥራው በአንድ የኮምፒዩተር ማዕከላዊ አንጎል ብቻ ቢሠራ ወደ 2,700 ዓመታት ይወስድ ነበር። ዛሬ በብዛት በሥራ ላይ ያለው ጓጉንቸር 617 አሃዝ አለው። በእነዚህ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት ነው እንቅልፍ የሚሰጠን።

ሳይከፍቱ ማወቅ

ጓጉንቸሩን ማንም መዝጋት መቻሉ በጎ ጠባዩ ነው ብዬ ነበር። ይኸው ጠባይ ግን አንድ ቀዳዳ አለው፤ ተማሪዎቼ በፈተና ላይ ብዙ ጊዜ የሚረሱትም ይህን ነው።

ረዳቱ ጸኸኀን አየ። መክፈቻ የለውም፤ 33ንም መፍታት አያውቅም እንበል። ነገር ግን ጓጉንቸሩ ይፋ ነው። «ሴትዮዋ የጻፈችው ደረሰ ይሆን?» ብሎ ይጠረጥርና እርሱ ራሱ ደረሰን በዚያው ጓጉንቸር ይዘጋል። ጸኸኀ ሆኖ ይወጣል። አነጻጸረ፤ አወቀ። ሳጥኑን አልከፈተም፤ በውስጡ ያለውን ግን ዐውቆታል። ከዚህም አልፎ ሠላሳ ሦስቱን ፊደላት አንድ በአንድ ዘግቶ ሠንጠረዥ ቢያዘጋጅ ማንኛውንም መልእክት ያነባል። ሠንጠረዡን ስትሠሩ ደግሞ ሀ ተዘግቶ ሀ፣ በም ተዘግቶ በ ሆኖ እንደሚቀር ታያላችሁ፤ 10 × 10 × 10 = 1,000፣ ቀሪው 10 ነውና።

ቁጥሩን በማተለቅ ብቻ ይህ ቀዳዳ አይደፈንም። መልእክቱ የተማሪ ውጤት ነው እንበል፤ ሊሆን የሚችለው ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ወይም ኤፍ ነው። ጓጉንቸሩ 617 አሃዝ ቢኖረውም ሰላዩ አምስት ጊዜ ዘግቶ ማነጻጸር ብቻ ነው የሚጠበቅበት። መድኃኒቱ እናቶቻችን እንቁላል ሲልኩ የሚያደርጉት ነው፦ ከመዝጋት በፊት ሳጥኑን በገለባ መሙላት። ገለባው በየጊዜው በዘፈቀደ የሚመረጥ ረጅም ቁጥር ነው፤ ተቀባዩ ከፍቶ ይጥለዋል። አንዱ ቃል ሁለት ጊዜ ቢዘጋ ሁለት ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሳጥኖች ይሆናል፤ ስለዚህ ማነጻጸር ከንቱ ይሆናል። ሥራ ላይ የዋለን ፕሮግራም ስትመረምሩ መፈተኛው ቀላል ነው፦ አንዱን መልእክት ሁለት ጊዜ አዘጉት። ውጤቱ ሁለቱንም ጊዜ አንድ ከሆነ ገለባ የለውምና አትቀበሉት።

ጓጉንቸሩ የማን ነው?

አሁን ወደ ትልቁ ጉዳይ ደረስን። እስካሁን ረዳቱ ሳጥኑን ሲመለከት ብቻ ነው የቆየው። ብልህ ቢሆንስ?

እኔ ክፍት ጓጉንቸሬን ወደ ደብረ ማርቆስ ስልክ በረዳቱ እጅ ነው የሚሄደው። የእኔን በኪሱ አስገብቶ የራሱን ክፍት ጓጉንቸር ለእናቴ ይሰጣታል፤ «ልጅዎ የላከው ነው» ይላታል። እናቴ ታምናለች፤ ሳጥኑን በረዳቱ ጓጉንቸር ትዘጋለች። በመንገድ ላይ ረዳቱ በራሱ መክፈቻ ይከፍታል፣ ደብዳቤውን ያነባል፣ ብሩን ይቆጥራል፤ ከዚያ በእኔ እውነተኛ ጓጉንቸር ዘግቶ ያስረክበኛል። እኔ በመክፈቻዬ እከፍታለሁ፤ ሁሉም ደኅና ይመስለኛል። እናቴም ጓጉንቸሩን ዘግታዋለች፤ ሁሉም ደኅና ይመስላታል። አንድም ጓጉንቸር አልተሰበረም፤ 33 እንኳ አልተፈታም። የሒሳቡ ጥንካሬ እዚህ ምንም አልረዳንም።

እናቴ የሚያስፈልጋት ይህ ጓጉንቸር በእርግጥ የልጇ መሆኑን የሚመሰክር ሰው ነው። በአገራችን ልማድ እንዲህ ያለ ነገር በታወቀ ሽማግሌ ይፈታል፤ ሁለቱም የሚያምኑት ሰው ጓጉንቸሩን አይቶ ማኅተሙን ያትምበታል። በኮምፒዩተሩ ዓለም ማኅተሙ ዲጂታል ፊርማ ነው፤ ማኅተም የተደረገበት ጓጉንቸር የምስክር ወረቀት ይባላል። እዚህ ላይ የጓጉንቸር ምሳሌያችን እንደሚያልቅ ልንገራችሁ። ፊርማ መዝጋት አይደለም፤ ማንም ሊያየው የሚችል፣ አንድ ሰው ብቻ ሊያትመው የሚችል ነገር ነው። ሥራው ከጓጉንቸር ተቃራኒ ነው። ዛሬ በስልካችሁ ውስጥ ያለው አሳሽ አስቀድሞ የሚያምናቸው የሽማግሌዎች ዝርዝር አለው፤ በአንዳንድ አሳሾች በባንክ ገጽ አናት ላይ የምታዩት የጓጉንቸር ምልክት «ከእነዚህ አንዱ መስክሯል» ማለት ነው። ገጹ የታመነ ነጋዴ ነው ማለት አይደለም። በሀገራችንም የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 የምስክር ወረቀት ሰጪዎችን ጉዳይ ይደነግጋል።

ሽማግሌው ማኅተሙን ቢሰረቅስ? ይህ የደረሰ ነገር ነው። ዲጂኖታር የሚባል የኔዘርላንድስ የምስክር ወረቀት ሰጪ ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. ክረምት ሰርጎ ገቦች ወደ ኮምፒዩተሮቹ ገብተው በማኅተሙ ከ500 በላይ የሐሰት የምስክር ወረቀቶችን አወጡ፤ ከእነርሱም አንዱ በጉግል ስም ነበር። ያ ወረቀት በኢራን ያሉ ሰዎች ኢሜይላቸውን ሲከፍቱ በመካከል ለመቆም ዋለ፤ በኋላ የተደረገው ምርመራ 300,000 ያህል የኢንተርኔት አድራሻዎች እንደተነኩ አመለከተ። እነዚያ ሰዎች በማያው ላይ ያዩት የተለመደውን የተዘጋ ጓጉንቸር ምልክት ነው። የዘጉት ግን በረዳቱ ጓጉንቸር ነበር።

እንዴት ታወቀ? የጉግል የራሱ አሳሽ ክሮም የጉግልን እውነተኛ ጓጉንቸሮች አስቀድሞ በውስጡ ይዞ ነበር። ከኢራን አንድ ተጠቃሚ ገጹን ሲከፍት አሳሹ «ይህ የማውቀው አይደለም» ብሎ አስጠነቀቀው፤ እርሱም በነሐሴ ወር በይፋ ጠየቀ። በቀናት ውስጥ አሳሾች ሁሉ ዲጂኖታርን ከዝርዝራቸው ሰረዙት፤ በመስከረም ድርጅቱ ኪሳራ አወጀ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎቹ የሚያትሙትን ሁሉ ማንም በሚያየው መዝገብ ላይ እንዲያስገቡ ተደረገ፤ የባንክ ወይም የጋዜጣ ባለቤት በስሙ የማያውቀው ጓጉንቸር መታተሙን በመዝገቡ ማየት ይችላል።

ለእናንተ ለራሳችሁም ከዚህ የሚገኝ ነገር አለ። በዋሽንግተን ወይም በሪያድ ካለ ዘመዳችሁ ጋር በዋትስአፕ ወይም በሲግናል ስትጻጻፉ መካከል የሚቆም ሽማግሌ የለም፤ የዘመዳችሁን ጓጉንቸር የሚያቀብላችሁ የድርጅቱ ኮምፒዩተር ነው። ረዳቱ እርሱ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ጥንድ 60 አሃዝ ያለው የደህንነት ቁጥር ያሳያል፤ ከሁለቱም ጓጉንቸሮች የተሠራ ነው። በእናንተ ስልክና በዘመዳችሁ ስልክ ላይ ያለው ቁጥር አንድ ከሆነ በመካከል የተለወጠ ጓጉንቸር የለም። ስትገናኙ በዓይን አነጻጽሩት፤ መገናኘት ካልሆነ ደግሞ ድምፁን በምታውቁት ሰው ቃል ይነበብላችሁ። ቁጥሩ ተቀይሯል የሚል ማስታወቂያ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ዘመዳችሁ ስልክ ለውጦ ነው። የሲም ካርዱን በማጭበርበር የወሰደ ሰው በስሙ ሲገባም የሚመጣው ይኸው ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያው በመጣ ማግሥት «ብር ላክልኝ» የሚል መልእክት ከተከተለ፣ ከመላካችሁ በፊት ደውላችሁ ድምፁን ስሙ።

የተቀመጠ ሳጥን

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ረዳቱ ሳጥኑን መክፈት ቢያቅተው እንኳ ቅጂውን መጋዘን ውስጥ ሊያስቀምጥ ይችላል። ቁጥር ነውና መቅዳት አያስቸግርም። ዐሥር ዓመት ቆይቶ መክፈቻዬ ቢሰረቅ፣ የተከማቸው ሁሉ በአንድ ቀን ይከፈታል።

በዚህ ምክንያት በ2018 የወጣው የድረ ገጾች የግንኙነት ደንብ የድረ ገጹን ቋሚ ጓጉንቸር ከመዝጋት ሥራ አሰናበተው። አሁን ሁለቱ ወገኖች ለእያንዳንዱ ንግግር አዲስ መክፈቻ በዲፊና በሄልማን ዘዴ ይሠራሉ፤ ንግግሩ ሲያልቅ ይጥሉታል። ቋሚው ቁልፍ የቀረው ለፊርማ ብቻ ነው። የተጣለ መክፈቻ አይሰረቅም።

ይህም ቢሆን ሒሳቡ ራሱ እስከቆየ ድረስ ነው። ፒተር ሾር በ1994 ኳንተም ኮምፒዩተር በበቂ መጠን ቢሠራ ትላልቅ ቁጥሮችን በፍጥነት እንደሚፈታ አሳይቷል፤ የዲፊና የሄልማንም ዘዴ አብሮ ይወድቃል። እንዲህ ያለ ኮምፒዩተር ገና የለም፤ ሳጥን የሚያከማቹ ግን ዛሬም ያከማቻሉ። በነሐሴ 2024 የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም በሌላ ዓይነት ሒሳብ የተሠሩ አዳዲስ ጓጉንቸሮችን ደረጃ አውጥቶ ያጸደቀው በዚህ ምክንያት ነው። ሃያና ሠላሳ ዓመት ምስጢር ሆኖ መቆየት ያለበት የሕክምና ወይም የመንግሥት መዝገብ የያዘ ሰው ጓጉንቸሩን መለወጥ ያለበት ያ ኮምፒዩተር ሲሠራ አይደለም፤ ከዚያ በፊት ነው።

ንግግሬን እዚህ ላይ ልግታ። አንድ ጥያቄ ለመቀበል ጊዜ አለን።

(ጥያቄ ከተሰብሳቢው፦ ዶክተር፣ መክፈቻው ቢጠፋብዎስ? እናትዎ ደግመው ሊከፍቱልዎ አይችሉም?)

አመሰግናለሁ፣ እኅቴ። አይችሉም። እናቴ የዘጋችው በእኔ ጓጉንቸር ነው፤ ቅጂ በእጇ ካላስቀረች በቀር የገዛ ደብዳቤዋን እንኳ ልታነበው አትችልም። የብረት ጓጉንቸር ሲጠፋብን ቁልፍ ሠሪ እንጠራለን፤ እንዲያ ካልሆነ በመጋዝ እንቆርጠዋለን። የቁጥር ጓጉንቸር መጋዝ የለውም፤ መጋዝ ቢኖረው ረዳቱም ይገዛው ነበር። ስለዚህ ተማሪዎቼን የምመክረው መክፈቻ ከሠሩ በዚያው ሰዓት ቅጂውን በወረቀት አትመው ከኮምፒዩተሩ ርቆ በሚገኝ፣ በተቆለፈ ቦታ እንዲያስቀምጡት ነው። በብረት ጓጉንቸር በተቆለፈ ቦታ።